ቃር ምንድን ነው? ከጨጓራ ቁስለትስ በምን ይለያል?

ከደረት ሥር የሚያቃጥል ሕመም ሁሉ በእኛ ዘንድ «ጨጓራ» ይባላል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ሕመሙ ግን አንድ አይደለም። ቃር የሚባለው የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ተመልሶ ሲወጣ የሚፈጠር ማቃጠል ነው። ቁስለት ግን የጨጓራው ወይም ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መነሻ የውስጥ ግድግዳ ሲቆስል የሚመጣ ነው።

ቃር ከደረት አጥንት ጀርባ ወደ ጉሮሮ እየወጣ አፍን ይጎመዝዛል፤ ከከባድ ምግብ በኋላ ሲያጎነብሱ ወይም ሲተኙም ይብሳል። የቁስለት ሕመም በአብዛኛው ከእምብርት በላይ የሚቆይ ሲሆን፣ የትንሹ አንጀት ከሆነ ሆድ ባዶ ሲሆንና ሌሊት ይነሣል፤ ሲበሉም ጋብ ይላል። የጨጓራው ቁስለት ግን ከምግብ በኋላ ሊብስ ስለሚችል፣ ሰዓቱ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ብቻውን አይለይም።

መርካቶ የሚሠራና ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው እናስብ። ምሳውን በቡና አልፎ፣ ታክሲ ተሰልፎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቱ ሲደርስ ዘይት የበዛበት ወጥ ጠግቦ ይበላና 4 ሰዓት ላይ ይተኛል። ብዙም ሳይቆይ ጎምዛዛ ነገር ጉሮሮው ላይ ይመጣበታል። በርበሬ ቢተውም፣ ወተት ቢጠጣም ለውጥ አላየም። ወተት ለጊዜው ቢያበርድም ጨጓራው እንደገና አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ በርበሬም ማቃጠሉን ሊያባብስ ይችላል እንጂ ቁስለት አያመጣም።

ይህ ሰው መጀመሪያ መቀየር ያለበት ሰዓቱን ነው። ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አድርጎ፣ እራቱን ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በልኩ ቢበላ፣ እስኪተኛ ከ3 ሰዓት በላይ ያገኛል። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚሆን እንጨት ማስገባትም ይረዳል፤ ትራስ መደራረብ ግን ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን አይመከርም። ይህን 2 ሳምንት ያህል ሞክሮ ቡናውንና ዘይቱን አንድ በአንድ እየቀነሰ ማየት ይችላል።

ቁስለት ከሆነ አመጋገብ ብቻውን አያድነውም። ዋነኞቹ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው በሰገራ ይመረመራል፤ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል የተባለው መድኃኒት ግን ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» እንዲል ሊያደርገው ስለሚችል ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም ስለሚያስፈልግ፣ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ካለ የአመጋገብ ሙከራው ቀርቶ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሲራመዱ የሚነሣና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰማ የደረት ማቃጠልም የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቃር ነው ተብሎ አይታለፍም። ምግብ መዋጥ ማስቸገርና ያለ ምክንያት መክሳት ደግሞ ሳይዘገዩ መመርመርን ይጠይቃሉ።