«ወዴት አኖራችሁት?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ትምህርት ያዘጋጀሁት በቅርቡ ሰው ለሞተባችሁ ነው። ምናልባት ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቅሶ ደራሹ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ እናንተ ግን ከባዶው አልጋ ጋር የቀራችሁ ትሆናላችሁ። ብዙ ለመስማት አቅም እንደሌላችሁ ስለማውቅ በዝግታ እናገራለሁ። መሐል ላይ አቋርጣችሁ ብታለቅሱም ችግር የለውም፤ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

በቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ደውላልኝ ነበር። እናቷ አርፈዋል። መርዶውን የነገራት ሰው አልነበረም። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር አየችው። እርሷ ባየችበት ሰዓት ቀብሩ ተፈጽሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራዋን ስትሠራ ውላ፣ ማታ በክፍሏ ስታለቅስ አንዲት የእምነት ጓደኛዋ «አታልቅሺ፤ ክርስቲያን ሲሞት አይለቀስም፤ እምነት ማጣት ነው» ብላ ጻፈችላት። እኔን የጠየቀችኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «መምህር፣ አልቅሼ በድያለሁ? ባለፈው ዓመት ብመለስ ኖሮ እናቴን አገኛት ነበር።»

ይህ «ኖሮ» የሚለው ቃል ሐዘን ባለበት ቤት ሁሉ አለ። ቀድሜ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ። ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ። ስትደውልልኝ ባነሣ ኖሮ። እኔም አባቴ ባረፈ ጊዜ ይህ ቃል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11፣ ወደ ቢታንያ እንሂድ፤ በዚያ ቤት ያሉት ሁለት እኅትማማቾችም በዚሁ ቃል ይሰቃዩ ነበርና።

አልዓዛር ሲታመም እኅቶቹ ወደ ጌታ ላኩ። ጌታ ግን በነበረበት ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። እኅቴ ሆይ፣ ለቀብር ያልደረሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ በወዳጁ ቀብር ጌታም አልነበረም። እርሱ የቆየበት ምክንያት ከአንቺ ምክንያት ጋር አንድ ነው አልልሽም፤ እርሱ ሁሉን ያውቅ ነበር። ነገር ግን መቅረትሽ የፍቅር ማነስ ነው ብሎ የሚከስሽን ሐሳብ እዚህ ላይ አቁሚው። ወንጌላዊው «ይወድ ነበር» ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው «ቆየ» ብሎ የጻፈው።

አሁን ልብ በሉ። ማርታ ወጥታ ተቀበለችው፤ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ቆይታ ማርያም መጣች፤ በእግሩ ላይ ወድቃ ያንኑ ተናገረች። አራቱን ቀን እቤት ውስጥ ይህንኑ እየተባባሉ የከረሙ ይመስለኛል፤ አለዚያ እንዲህ በአንድ ቃል አይናገሩም ነበር። ጌታ ግን ለአንድ ቃል ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠ። ለማርታ «ወንድምሽ ይነሣል»፣ ቀጥሎም «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» አላት። ማርታ ጠይቃ፣ መልሳ፣ ተነጋግራ የምትጽናና ሰው ነበረች። ለማርያም ግን አንድም የትምህርት ቃል አልነገራትም። ስታለቅስ አያት፤ በመንፈሱ አዘነ፤ «ወዴት አኖራችሁት?» አለ፤ ከዚያም «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ! የትንሣኤ ባለቤት ትንሣኤውን በእጁ ይዞ ካለቀሰ፣ «ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» የሚለውን ትምህርት ከየት አመጣነው? ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» እንዳታዝኑ አለ እንጂ ጨርሶ እንዳታዝኑ አላለም።

እዚህ ላይ ለአጽናኞች የምለው አለኝ፤ ልቤንም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እኛ የማርታን መልስ ለማርያም እንሰጣለን። ትናንት ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆመን «እግዚአብሔር ለበጎ ነው» እንላለን። ቃሉ እውነት ቢሆንም፣ የሚነገርበት ሰዓት ሳይደርስ ሲነገር ድንጋይ ይሆናል። አባቶቻችን መርዶን ያለ ሥርዓት አይናገሩም ነበር። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ዛሬ ልጅ የእናቷን ሞት ብቻዋን ከስልክ ታነባለች። እባካችሁ፣ ፎቶግራፍ ከመለጠፋችሁ በፊት ልጆቹ ሁሉ መስማታቸውን ጠይቁ። በስደት ላለችው ደግሞ መርዶውን በአካል ሄዶ የሚነግራት፣ አብሯትም የሚያድር ሰው እዚያው ፈልጉላት።

ሁሉን የሚያውቅ ጌታ «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ መጠየቁም ይደንቀኛል። ኀዘንተኞቹ እየመሩ እንዲወስዱት ፈቀደላቸው፤ እነርሱም «መጥተህ እይ» አሉት። እናንተም ልታጽናኑ ስትሄዱ እንዲህ ጠይቁ፦ «እናትሽ ምን ይወዱ ነበር? በመጨረሻ ምን አሉሽ?» ያችን እኅታችንን ስለ እናቷ ስጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተረጋጋ። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ዝክር ሲዘክሩ፣ ዳቦውን ስትቆርስ እርሷ እንደነበረች ነገረችኝ።

ከዚያ «አሁን ምን ላድርግላት?» አለችኝ። አልዓዛር ተገንዞ ከመቃብር ሲወጣ ጌታ በዙሪያው ለቆሙት «ፍቱትና ይሂድ ተዉት» አላቸው። ያስነሣው እርሱ ሲሆን፣ የመፍታቱን ሥራ ለቆሙት ሰጠ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሞቱት የምታደርሰውን ጸሎት ፍትሐት የምትለው ከዚሁ «ፈታ» ከሚለው ቃል ነው። ይህም በቀብር ዕለት ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ይታሰባሉ። ቀብሩ ያመለጠው ልጅ አርባው አላመለጠውም። እኅታችን ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። ወደ ቤት ደውላ የእናቷን የክርስትና ስም ጠየቀች፤ ጸሎቱ የሚደርሰው በዚህ ስም ነውና። ስሙን በአቅራቢያዋ ላሉት ካህን ሰጠች፤ እናቷ በአገር ቤት ይሳለሙት ለነበረው ደብርም አስነገረች። ለተዝካር ድግስ ልትበደር አስባ ነበር፤ ተይው አልኳት። ለሁለት ችግረኞች እንጀራ ሰጥታ በእናቷ ስም አሰበቻቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከእናንተ መካከል ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለው፣ ወይም «እኔም ልከተላት» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ካለ ይህን ሌሊት ብቻውን አይደር። ለንስሐ አባቱም፣ ለቅርብ ሰውም ይንገር፤ ሐኪም ዘንድም ይሂድ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያን በሕክምና አታፍርም።

አሁን ለጥቂት ጊዜ ዝም እላለሁ። የሄደባችሁን ሰው በክርስትና ስሙ ጥሩት፤ «ኖሮ» የምትሉት ነገር ካለም እንደ ማርያም በእግሩ ላይ ወድቃችሁ ለጌታ ንገሩት።

አቤቱ፣ ማርታንና ማርያምን ያጽናናህ፣ በአልዓዛር መቃብር ላይ ያለቀስህ ጌታችን ሆይ፣ አሁን በስማቸው የተጠሩትን አገልጋዮችህን ሁሉ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ አሳርፍልን። በየቤቱ ብቻቸውን የሚያለቅሱትን አጽናቸው። አሜን።

አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…