«ሪሲት አለኝ፣ ችግር የለም»፦ አሜሪካ ውስጥ ወርክ ፐርሚት ሲያልቅ ሥራው ምን ይሆናል?

የምሠራው ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ኤችአር ክፍል ነው። የአዲስ ሠራተኛ ፋይል የምከፍተው እኔ ነኝ። ወርክ ፐርሚቱ ሊያልቅ የተቃረበን ሰው ጠርቼ የማነጋግረውም እኔው ነኝ። ብዙዎቹ የሀገሬ ልጆች ናቸው። እውነት ለመናገር ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ ጥፋት የሌለበትን ሰው «ከነገ ጀምሮ አትግቢ» ማለት።

እነሱ ሲቀመጡ የሚሉኝን ልጻፈው። በቅድሚያ ግን ካርዱንና ሥራውን የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ እንወቅ። I-9 የሚባል ፎርም ነው። ሠራተኛው የራሱን ክፍል ሥራ በጀመረበት ቀን ይሞላል። አሠሪው ደግሞ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሰነዶቹን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ያሳያችሁት ወርክ ፐርሚት ከሆነ፣ ካርዱ የሚያልቅበት ቀን እኔ ካላንደር ላይ ይገባል። ያ ቀን ከማለፉ በፊት እንደገና መሥራት እንደምትችሉ የሚያሳይ ወረቀት ማየት አለብኝ።

«ማደሻውን አስገብቻለሁ፣ ሪሲቱም መጥቷል፤ 540 ቀን በራሱ ይራዘማል አይደል?»

ድሮ ልክ ነበር። ኦክቶበር 30፣ 2025 ላይ ተቀየረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባ የማደሻ ማመልከቻ፣ ለአብዛኛው ሰው፣ ፈቃዱን በራሱ አያራዝምም። ሪሲቱ «ማመልከቻህ ደርሶናል» ከማለት አያልፍም። ለሥራ ማረጋገጫ ሆኖ ልቀበለው አልችልም።

ከዚያ ቀን በፊት ያስገባ ሰው ግን የድሮው ሕግ ይሠራለታል። ለምሳሌ ካርዱ ዲሴምበር 1፣ 2025 ያለቀበት ሰው፣ ማደሻውን ሴፕቴምበር ላይ አስገብቶ ከሆነ፣ 540 ቀኑ ካርዱ ላይ ካለው ቀን ይቆጠራል፤ እስከ ሜይ 25፣ 2027 መሥራት ይችላል ማለት ነው። ለዚህም ያለቀውን ካርድና ሪሲቱን አንድ ላይ ማሳየት አለበት፣ በሁለቱም ላይ ያለው ካታጎሪም መመሳሰል አለበት። ማመልከቻው ከተከለከለ ግን ቀኑ ሳይሞላም ማራዘሚያው ይቆማል።

ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሪሲት ይዘው፣ አንዱ ሥራ እየገባ ሌላው ቤት የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ያለው ሪሲቱ ላይ ባለው የመቀበያ ቀን ነው። እባካችሁ ጓደኛችሁ የሆነለትን ሳይሆን ያንን ቀን እዩ።

አሁን የቀረው መላ ቀድሞ ማስገባት ነው። የማደሻ ማመልከቻው፣ I-765 የሚባለው፣ ካርዱ ከማለቁ 180 ቀን አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። ካርዳችሁ ኦገስት 14፣ 2026 የሚያልቅ ቢሆን፣ በሩ የሚከፈተው ፌብሩዋሪ 15 ነው። በዚያው ሳምንት ይግባ። ክፍያው አንድ ዶላር ቢጎድል ወይም ፊርማ ቢረሳ ጥቅሉ ተመልሶ ይመጣል፤ የተመለሰ ማመልከቻ እንደገባ አይቆጠርም። የጥገኝነት ጠያቂዎች ክፍያ ደግሞ አሁን በየዓመቱ ስለሚከለስ፣ ባለፈው ዓመት የከፈላችሁትን አትላኩ።

ሁሉም ግን በዚህ ሕግ አይደለም። ለምሳሌ በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው፣ አሠሪው ማራዘሚያውን በጊዜው ካስገባለት፣ እዚያው አሠሪ ዘንድ እስከ 240 ቀን መቀጠል ይችላል። እሱ በሌላ ሕግ የሚገዛ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታ።

«ጉዳዬ ከተፈቀደልኝ ቆይቷል፤ ግን ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ አዲሱ ካልደረሰ ከሥራ እወጣለሁ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚጎዳበት ቦታ ነው።

ካርዳችሁን አውጡና ካታጎሪ የሚለውን ተመልከቱ። C08 ከሆነ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁ ነው። የመሥራት መብታችሁ የተንጠለጠለው በዚያ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ሲያልቅ መብቱም ይቆማል። A05 ከሆነ ግን ጥገኝነቱ ተፈቅዶላችኋል። የመሥራት መብታችሁ የመጣው ከራሱ ከጥገኝነቱ ነው። ካርዱ ማስረጃ ብቻ ነው። ማስረጃ ደግሞ በሌላ ማስረጃ ይተካል።

ጥገኝነቷ የተፈቀደላት አንዲት እህት አለች እንበል። አረጋውያን ትንከባከባለች፣ የሌሊት ፈረቃ። ስትቀጠር ወርክ ፐርሚት አሳይታለች፤ እሱ በ9 ቀን ውስጥ ያልቃል። አዲሱ አልመጣም። ቢሮ ስትገባ ዓይኗ አብጧል፣ ሌሊቱን አልተኛችም። «ሶሻል ካርድሽን ይዘሻል?» እላታለሁ። ከቦርሳዋ ኪስ፣ ከልጇ የክትባት ወረቀት ጋር የታጠፈች ካርድ ታወጣለች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። ከስሟ በላይ የተጻፈ ነገር አለ ወይስ የለም? ጉዳዩ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።

«በዲኤችኤስ ፈቃድ ብቻ ለሥራ የሚያገለግል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ለእኔ አይጠቅመኝም። ይሄ ካርድ ጥገኝነት ስትጠብቅ የተሰጣት ነው፤ ከተፈቀደላት በኋላ ሳትቀይረው ኖራለች። ይህ ጽሑፍ የሌለበት ከሆነ ግን አለቀ፤ ለዳግም ማረጋገጫ እሱ ብቻውን ይበቃል። መታወቂያ እንኳን ድጋሚ አልጠይቃትም። ቅጽ ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ማታ ፈረቃዋ ትገባለች። ከዚያ በኋላም በየካርዱ ማብቂያ አልጠራትም።

ጽሑፍ ያለበትን ካርድ መቀየር ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የጥገኝነት መፍቀጃ ደብዳቤውን ወይም ጥገኝነት መሰጠቱን የሚያሳየውን I-94 የሚባለውን ወረቀት ይዞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መሄድ ነው። ክፍያ የለውም፣ ቁጥሩም አይቀየርም። ይህን ግን ካርዱ ሊያልቅ 9 ቀን ሲቀር ሳይሆን፣ ጉዳዩ በተፈቀደ ሰሞን ማድረግ ነው የሚሻለው። አዲስ ሥራ ስትቀጠሩም I-9 ላይ «እስከ መቼ» ለሚለው ቦታ N/A ብላችሁ ትሞላላችሁ፤ የናንተ መብት ማብቂያ ቀን የለውም።

አንዳንድ ኤችአር ይሄን አያውቅም። «አዲስ ወርክ ፐርሚት ካላመጣሽ» ብሎ ድርቅ ይላል። የትኛውን ሰነድ እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ እስከሆነ ድረስ አሠሪው ይሄኛውን ብቻ ካላመጣህ ማለት አይችልም። ካለ፣ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ለስደተኛ ሠራተኞች መብት ያቋቋመው ክፍል አለ። የሠራተኞች ስልኩ 1-800-255-7688 ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ጊዜ እነሱ አሠሪው ጋ ደውለው በማስረዳት ብቻ ይፈታል።

ግሪን ካርድ ያላችሁም ስሙ፦ ስትቀጠሩ ግሪን ካርድ አሳይታችሁ ከሆነ፣ ካርዱ ሲያልቅ አሠሪው ድጋሚ ሊጠይቃችሁ አይገባም። ካርዱ ያረጃል እንጂ ነዋሪነቱ አብሮ አያልቅም።

«አለቃዬ በጣም ይወደኛል፤ አንድ ሁለት ሳምንት አይጨክንብኝም።»

ወዳጅነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የእፎይታ ቀን ግን የለም። ፈቃዱ ያለቀበትን ሰው እያወቀ ማሠራት ለአሠሪው ሕግ መጣስ ነው፤ ይቀጣበታል። «ያለ ደመወዝ ላግዛችሁ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ሥራው ሥራ ነው።

አሠሪው የሚችለው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ አታሠራው ይላል እንጂ አባርረው አይልም። ያለ ክፍያ ፈቃድ ሰጥቶ ቦታውን ሊያቆይላችሁ ይችላል። ግዴታ የለበትም፤ ለሌላው ሠራተኛ በሚያደርገው ልክ ማድረግ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ ካርዱ ከማለቁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ያለ ክፍያ ፈቃድ እፈልጋለሁ፣ ማደሻዬ በዚህ ቀን ገብቷል» ብላችሁ ሪሲቱን አያይዙ። የጤና ኢንሹራንሳችሁ በዚህ ጊዜ ይቀጥል እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ፤ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው እሱን ነው።

ቢያሰናብቷችሁም በሩ አልተዘጋም። የመጀመሪያው I-9 ከተሞላ 3 ዓመት ካልሞላው፣ አዲሱ ካርድ ሲመጣ በዚያው ፎርም ላይ ተጨማሪ ገጽ ሞልቶ መልሶ መቅጠር ይቻላል። የሥራ አጥ ድጎማ ግን ብዙም አትጠብቁ። ድጎማው ሥራ ለመግባት ዝግጁ የሆነ ሰው የሚያገኘው ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ዝግጁ ተብሎ አይቆጠርም።

«ፈቃዴ ካለቀ በኋላ የሠራሁበትን ሁለት ሳምንት መጠየቅ አልችልም፣ ይያዝብኛል።»

ትችላላችሁ። የሠሩበትን ዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያስከብረው የፌዴራል ሕግ ወረቀት አይጠይቅም። የመጨረሻውን ቼክ መያዝ አይቻልም።

«እስኪመጣ ድረስ በካሽ ወይም በመኪናዬ እሠራለሁ፤ እዚያ I-9 የሚሞላ የለም።»

I-9 አለመኖሩ እውነት ነው፤ በራሱ የሚሠራ ሰው ፎርሙን አይሞላም። ፎርሙ ግን የአሠሪው ግዴታ ነው እንጂ የፈቃዱ ምንጭ አይደለም። ለራስ መሥራትም ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። በኋላ በሥራ ወይም በአንዳንድ የቤተሰብ መንገድ ግሪን ካርድ ስትጠይቁ ያ ጊዜ ተቆጥሮ ሊያስከለክል ይችላል። በብዙ ስቴትም መንጃ ፈቃዱ ከወርክ ፐርሚቱ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ጭንቅ የያዘው ሰው አዲስ ሥራ ሲገባ I-9 ላይ የመጀመሪያዋን ሳጥን፣ «የአሜሪካ ዜጋ» የምትለዋን፣ ምልክት ያደርግባታል። «ማን ያየዋል» ብሎ ነው። ይቺ ምልክት ይቅርታ የሌላት ናት ማለት ይቻላል፤ ለአብዛኛው ሰው የግሪን ካርድን መንገድ ለዘለዓለም ትዘጋለች። ሌላ ሰው ሞልቶላችሁ ከሆነ እንኳን ከመፈረማችሁ በፊት አራቱን ሳጥኖች በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። የናንተ አራተኛዋ ናት፣ «መሥራት የተፈቀደለት የውጭ ዜጋ» የምትለዋ። ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ሌላ ምንም ፎርም ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ።