ሊትሬቸር ሪቪው በጭብጥ ሲጻፍ፦ የነርሶች የእጅ ንጽሕና እንደ ምሳሌ

የነርሲንግ ፕሮፖዛሎች ሊትሬቸር ሪቪው ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው። «በህንድ የተደረገ ጥናት ይህን አሳየ፤ በናይጄሪያ የተደረገው ይህን አሳየ፤ በጎንደር የተደረገው ደግሞ...» እያለ ከዓለም ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ ይወርዳል። ሥርዓት ያለው ይመስላል። ግን አገር ጭብጥ አይደለም። አንባቢው ጥናቶቹ የት እንደተሠሩ ያውቃል እንጂ በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ አያውቅም።

በጭብጥ የተጻፈ ሪቪው አንቀጹን የሚያቆመው በጥያቄ ዙሪያ ነው። የእጅ ንጽሕናን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሰበሰባቸው ጥናቶች የጤና ባለሙያዎች አተገባበር ከ5 እስከ 89 በመቶ እንደሚደርስ፣ አማካዩም 38.7 በመቶ እንደሆነ ያሳያሉ። አማካዩን ጠቅሶ ማለፍ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ የሚለው ነው።

ለዚህ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ኤክሴል ይበቃል። በየረድፉ አንድ ጥናት ይገባል። ዓምዶቹ ቦታና ዓመት፣ የጥናት ዓይነት፣ የመለኪያ መንገድ፣ ውጤትና ተያያዥ ምክንያቶች ናቸው። የሚሞላው በረድፍ ነው፤ የሚነበበው ግን በዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይስታል፤ ሠንጠረዡን ሞልቶ ሲያበቃ እንደገና ረድፍ በረድፍ ይገለብጠዋል።

«የመለኪያ መንገድ» የሚለውን ዓምድ ወደ ታች ስናነብ አንዱ መጠይቅ አስሞልቷል፣ ሌላው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ተመልክቷል። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ከሚያደርገው በላይ ይናገራል። የሚያየው ሰው እንዳለ ሲያውቅም ከወትሮው ይበልጥ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፣ መጠይቁ ግን ይበልጣል። የመጀመሪያው ጭብጥ ተገኘ ማለት ነው። አንቀጹም እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦ «በመጠይቅ የተለካው አተገባበር በቀጥታ ምልከታ ከተለካው ከፍ ይላል (3, 7, 11)፤ ምልከታ የተጠቀሙት ጥናቶችም ቢሆኑ ታዛቢው በመታወቁ ውጤታቸው ሳይጋነን አልቀረም (4, 9)።» በቅንፍ ያሉት የምንጭ ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ ናቸው። አምስት ጥናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፣ የአገር ስምም አላስፈለገም።

ሁለተኛው ጭብጥ ነርሷ እጇን የምትታጠብበት ቅጽበት ነው። ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ ያለው አተገባበር ታካሚውን ከመንካት በፊት ካለው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ራስን መጠበቅ ይቀድማል።

ጥናቶች ሲጋጩ ግጭቱን መደበቅ አያስፈልግም። እውቀት ከአተገባበር ጋር ይያያዛል የሚሉ አሉ፣ አይያያዝም የሚሉም አሉ። ወደ መለኪያው ዓምድ ተመልሶ ማየት ነው። ተያያዥነት ያገኙት ሁለቱንም በአንድ መጠይቅ የጠየቁ ከሆኑ ምክንያቱ እዚያ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ መረጃውን በአንድ ጊዜ የሰበሰቡ ከሆኑ ደግሞ «እውቀት አተገባበርን ጨመረ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ረቂቁን ለመፈተሽ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማንበብ ይበቃል። «በ... የተደረገ ጥናት» የሚል ከበዛ፣ ወይም አንቀጹ አንድ ምንጭ ብቻ ከያዘ፣ ገና ዝርዝር ነው። ሪቪው መጠይቅን እንዲህ ተችቶ የጥናት ዘዴው ምዕራፍ ላይ ያው መጠይቅ ብቅ ካለ ደግሞ የፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ይሆናል።