የከፍተኛና ዝቅተኛ ዘዴ በጎንደር የእንግዳ ማረፊያዎች የመብራት ወጪ ላይ

የከፍተኛና ዝቅተኛ ዘዴ ቅይጥ ወጪን በቋሚና በተለዋዋጭ ክፍሉ ለመለየት የሚያገለግል የወጪ ሂሳብ አያያዝ ስልት ነው። ቅይጥ ወጪ የሚባለው ሥራ ቢኖርም ባይኖርም የሚከፈል ድርሻና ከሥራው ብዛት ጋር የሚጨምር ድርሻ በአንድ ደረሰኝ ተጠቃለው ሲመጡ ነው። የመብራት፣ የውሃና የስልክ ሂሳብ ዋነኞቹ ምሳሌዎች ናቸው። ስልቱ በወጪ ሂሳብ አያያዝ ኮርሶች ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ሲሆን፣ ከአራቱ መደብ ያለፈ ስሌት አይጠይቅም። እዚህ የሚታየው የመብራት ፍጆታ ነው፤ የጎንደር ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ገበያ ከወር ወር እጅግ ስለሚለያይ ለዚህ ስልት እንደ ጎንደር የሚመች ከተማ ብዙ አይገኝም።

የጎንደር የሆቴል ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱና በማግስቱ ጥምቀት ሲከበር በከተማዋ አልጋ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ምክንያት የእንግዳ ድርቅ ነው። አልጋ ባይከራይም ግን ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ የግቢው መብራት ያድራል፣ የውሃ መሳቢያው ይነሣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነውና፣ እንግዳ ሲመጣ ዋናውን ኃይል የሚበላው የሻወር ውሃ ማሞቂያው ነው። ስለዚህ የሥራው መለኪያ የተከራየ አልጋ ይሆናል፤ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

ፍጆታውን በብር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት መያዝ ያሻል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ስለተወሰነ፣ የጥርና የሐምሌ ሂሳቦች በብር ቢነጻጸሩ ከልዩነቱ ከፊሉ የእንግዳ ሳይሆን የታሪፍ ይሆናል። ደረሰኙ ላይ የቆጣሪው ንባብ ስላለ መረጃው ቅርብ ነው።

የአሠራር ምሳሌ

24 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ እንውሰድ፤ አኃዞቹ ለማስረጃ የተዘጋጁ ናቸው። ዘዴው ከወራቱ ሥራ የበዛበትንና ሥራ ያነሰበትን ሁለት ወር ብቻ ያነጻጽራል፤ እዚህ ጥርና ሐምሌ ናቸው። በጥር 610 አልጋ ተከራይቶ 5,480 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሐምሌ 210 አልጋ ተከራይቶ 2,680 ኪሎዋት ሰዓት ፈጅቷል። የፍጆታው ልዩነት 2,800፣ የአልጋው ልዩነት 400 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል አንድ የተከራየ አልጋ 7 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሳያል። ሐምሌ ላይ 210 በ7 ሲባዛ 1,470 ይሆናል፤ ይህ ከ2,680 ሲቀነስ 1,210 ይቀራል፤ ይህ የወሩ ቋሚ ፍጆታ ነው። ስሌቱ በጥር ቢሠራም ያው 1,210 መምጣት አለበት፤ ካልመጣ መቀነሱ ወይም ማካፈሉ ተሳስቷል።

በሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ከፍተኛና ዝቅተኛ ወር ሲመረጥ ትልቁንና ትንሹን ደረሰኝ ማንሣት ነው። መመረጥ ያለበት በአልጋው ብዛት ነው። በምሳሌያችን ትልቁ ፍጆታ የጥር ሳይሆን የግንቦት ነበር፦ 430 አልጋ ብቻ ተከራይቶ 5,900 ኪሎዋት ሰዓት። በዚያ ወር የግቢው በርና የደረጃው ብረት ሲበየድ ሰንብቷል። ግንቦትንና ሐምሌን የወሰደ ሰው 3,220ን ለ220 አካፍሎ ለአንድ አልጋ 14.6 ገደማ ያገኛል፤ ቋሚው ፍጆታ ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 394 ይወርዳል። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይዞርም። ቋሚው ድርሻ ከዜሮ በታች ሲወጣ ከተመረጡት ወራት አንዱ የተለመደ ወር እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ይታወቃል። ችግሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ ውጤቱን ባልተመረጡት ወራት መፈተን ያስፈልጋል።

የጥር ጥያቄ

ጥር የተለመደ ወር ነው ወይ? በዚህ ላይ የሂሳብ ሠራተኞች አንድ አይደሉም። አንዳንዶች ጥምቀት በየዓመቱ የሚመጣ ስለሆነ ከመደበኛው ሥራ ሊነጠል አይችልም ይላሉ፤ ለጎንደር ሰው ይህ ክርክር ክብደት አለው። ሌሎች ደግሞ በበዓሉ ሰሞን በአንድ ክፍል የሚያድረው ሰው እንደሚበዛ፣ ግቢውም ሌሊቱን ሙሉ በመብራት እንደሚያሸበርቅና ማዕድ ቤቱ አልጋ ያልያዘ እንግዳ ጭምር እንደሚያስተናግድ ይጠቅሳሉ። በአልጋ መዝገብ ላይ አንድ ተብሎ የተጻፈው አልጋ በጥርና በኅዳር አንድ ዓይነት ፍጆታ የለውም ማለት ነው።

ጥር ቀርቶ ታኅሣሥ ከፍተኛ ወር ቢሆን፣ 520 አልጋና 4,540 ኪሎዋት ሰዓት አለ። ከሐምሌ ጋር ሲሰላ 1,860 ለ310 ይካፈልና ለአንድ አልጋ 6፣ ቋሚው ደግሞ 1,420 ይሆናል። ኅዳር 340 አልጋ ተከራይቶ 3,520 ፈጅቷል፤ የመጀመሪያው ስሌት 3,590፣ ሁለተኛው 3,460 ይገምታል። ሚያዝያ 460 አልጋ ይዞ 4,300 ፈጅቷል፤ ግምቶቹ 4,430ና 4,180 ናቸው። በሁለቱም ወራት ሁለተኛው ጥቂት ይቀርባል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ ለመፍረድ ትንሽ ነው። የሚያዘነብለው ታኅሣሥ ራሱ ነው፤ የጥር ስሌት ለታኅሣሥ 4,850 ይገምትና ከእውነተኛው በ310 ይበልጣል። ሁለተኛውን ስሌት ይዞ ጥርን በተናጠል በጀት ማስያዝ ይሻላል፤ ለጥር የሚሰጠው ግምት 5,080 ስለሆነ፣ ቀሪው 400 ኪሎዋት ሰዓት የበዓሉ ድርሻ ተብሎ ይመዘገባል።

ዝቅተኛው ወርም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በክረምት አንሶላ በፀሐይ ስለማይደርቅ ማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት ለአንድ አልጋ የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል፤ ይህም የሐምሌን ፍጆታ ከፍ ያደርግና ተለዋዋጩን ከእውነቱ በታች፣ ቋሚውን ከእውነቱ በላይ ያስመስላል።

የንባብ ቀንና የጳጉሜን ጉዳይ

ደረሰኝ የሚሸፍነው ከንባብ እስከ ንባብ ያለውን ጊዜ ነው። ቆጣሪው ነሐሴ 30 ተነብቦ ቀጥሎ መስከረም 30 ከተነበበ፣ የመስከረም ተብሎ የመጣው ሂሳብ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሚሆንበት ዓመት 36 ቀን ይይዛል። አልጋውም ለእነዚያው ቀናት መቆጠር አለበት፤ የመስከረም አልጋ ብቻ ከተያዘ የጳጉሜን እንግዳ የፈጀው ኃይል ያለ ባለቤት ይቀራል። ቋሚው ድርሻ በቀን የሚታሰብ ስለሆነ፣ 1,420 ለ30 ተካፍሎ በ35 ሲባዛ ወደ 1,657 ይደርሳል። ቆጣሪ አንባቢ ባልመጣበት ወር በግምት የተጻፈ ንባብ ካለ፣ ያ ወርና ተከታዩ በጥንድ ይደመራሉ እንጂ ለብቻ አይመረጡም።

መብራት በብዛት የጠፋበት ወርም ለምርጫ አይሆንም። ጄኔሬተሩ የሠራው ሥራ ቆጣሪው ላይ ስለማይመዘገብ ፍጆታው ያነሰ ይመስላል፤ የናፍጣው ወጪ ግን በሌላ መዝገብ ተቀምጧል።

ወደ ብር መመለስ

ለመጪው ወር 400 አልጋ ከተገመተ፣ ፍጆታው 1,420 ሲደመር 400 በ6፣ በድምሩ 3,820 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ በሩብ ዓመቱ ታሪፍ ይባዛል፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ ከፍጆታ ጋር ስለማይለዋወጥ መጨረሻ ላይ ይደመራል። ስሌቱ የሚያገለግለው ከ210 እስከ 520 ባለው የአልጋ ብዛት መካከል ነው። ለጥገና ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ማረፊያ 1,420 ይፈጃል ተብሎ አይጠበቅም፤ ባዶ ቤት ማቀዝቀዣውንም ይነቅላል።