የብራንድ ወጥነት በፍራንቻይዝ ሱቆች፦ የባለሱቁ ነፃነት ወሰን

ፍራንቻይዝ አንድ የብራንድ ባለቤት ስሙን፣ ምልክቱንና የአሠራር ዘዴውን ለሌላ ነጋዴ በክፍያ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድበት ውል ነው። ኪራዩ፣ ሠራተኛውና ኪሳራው የባለሱቁ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የእሱ አይደለም። ደንበኛው ይህን አያውቅም። በአንድ ቅርንጫፍ የተከፋ ሰው የሚቀየመው ስሙን ስለሆነ፣ ያው ስም የተሰቀለበትን ሌላ ሱቅ ሲያይ አልፎ ይሄዳል።

የችግሩ ሥር ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ላይ ነው። ሮያሊቲ የሚባለው ይህ ክፍያ በአብዛኛው የሚታሰበው ከጠቅላላ ሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ብር ሽያጭ 35ቱ ለጥሬ ዕቃ፣ 30ው ለደመወዝ፣ 15ቱ ለኪራይና ለልዩ ልዩ ወጪ፣ 10ሩ ለሮያሊቲና ለጋራ ማስታወቂያ ቢወጣ ለባለሱቁ 10 ብር ይተርፈዋል። ዋጋውን ሳይነካ የዕቃውን መጠን በአሥር በመቶ ቢቀንስ ወጪው በ3 ብር ከ50 ሳንቲም ይወርድና ትርፉ 13 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ከሲሶ በላይ ጭማሪ ማለት ነው። ጉዳቱ ግን የስሙን ተጋሪዎች ሁሉ ያዳርሳል። ፈተናው የሚበረታው በአውራ ጎዳና ዳርና በመናኸሪያ አካባቢ ባሉ ሱቆች ነው፤ እዚያ የሚገዛው ሰው መንገደኛ ስለሆነ ቅር ቢለውም ቅሬታውን የሚወስደው ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ነው።

ቁጥጥር ግን የብራንዱ ባለቤት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። በአሜሪካ ሕግ የንግድ ምልክቱን ለሌሎች ሰጥቶ በጥራቱ ላይ ምንም ቁጥጥር የማያደርግ ባለቤት ምልክቱን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቺካጎ የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው የኢቫስ ብራይዳል ጉዳይ ለዚህ ግልጹ ማስረጃ ነው። የሙሽራ ልብስ የሚሸጡት ሱቆች በአንድ ስም ይሠሩ የነበረ ሲሆን ባለቤቶቻቸው የአንድ ቤተሰብ የተለያዩ አባላት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ስሙን መጠቀሙን ሳያቆም ክፍያውን አቋረጠና ተከሰሰ። ሆኖም ውሉ ስለ አሠራር ደረጃ የሚለው ነገር አልነበረም፤ ከሳሾቹም የተከሳሹን ሥራ ለመቆጣጠር ሞክረው እንደማያውቁ ራሳቸው አመኑ። ፍርድ ቤቱ ምልክቱ ተትቷል ብሎ ፈረደባቸው። የልብሱ ጥራት ጥሩ ነው ማለታቸውም አላዳናቸውም፤ ሕጉ የሚፈልገው በሁሉም ሱቅ የማይለዋወጥና ተቆጣጣሪ ያለው ጥራት ነው።

ልምድ ያላቸው ፍራንቻይዝ ሰጪዎች የሥራውን ዝርዝር በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ፈጽሞ የማይነካው ነው፦ ስምና ምልክት፣ ዋናው ምርት የሚዘጋጅበት ዘዴ፣ የደኅንነት ደንቦችና የሽያጭ መመዝገቢያ ሥርዓት። ሁለተኛው በተወሰነ ክልል ውስጥ የሚፈቀደው ሲሆን የሥራ ሰዓት፣ የአካባቢ ማስታወቂያና ተጨማሪ ምርቶች እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ለባለሱቁ የሚተወው ነው፦ ቅጥር፣ ደመወዝና የፈረቃ ድልድል። ይህን መተው ጥበብም ጥንቃቄም ነው፤ ብራንዱ ማን ይቀጠር ማን ይባረር እያለ ከወሰነ፣ በአንዳንድ አገሮች የጋራ አሠሪ ተብሎ ለሠራተኞቹ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር የትኛው ክፍል እንደሚገባ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አንዱን ሱቅ የለመደ ደንበኛ ሌላው ሱቅ ሲገባ ልዩነቱ ይታወቀዋል? ቢታወቀውስ ቅር ይለዋል?

ዋጋ ከሦስቱም ለብቻው የሚታይ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሮኑፕሲያ ጉዳይ ብራንዱ ዋጋ መጠቆም እንደሚችል፣ ባለሱቁን በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ ግን እንደማይፈቀድለት ወስኗል። የሌሎች አገሮች ሕግ ይለያያል።

ደረጃ ሲጻፍ የሚለካ መሆን አለበት። «ሱቁ ንጹሕ ይሁን» የሚለው ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ይረዱታል፤ «ደንበኛ ከተነሳ በ3 ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛው ይወልወል» የሚለው ግን አያከራክርም። ክብደትም ከነመቻቻያው ይጻፋል፦ 120 ግራም፣ ሲበዛ 125፣ ሲያንስ 115። በጣም የሚያሳስተው ቀለም ነው። «ቀይ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ የቀለም ቁጥር መስጠትም ብቻውን አያድንም። ያው ቀይ በወረቀት ላይ የሚጠበቀውን ሆኖ፣ ከኋላው መብራት በሚበራበት ፕላስቲክ ላይ ሲታተም ሊገረጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ የራሱን አታሚ ቢመርጥም በዚያው ቁስ ላይ የታተመ ቁራጭ ናሙና ልኮ፣ መብራቱ በርቶ ታይቶ ከጸደቀ በኋላ ብቻ ሙሉው እንዲሠራ ይደረጋል።

ቁጥጥሩ ባልተነገረ ቀን የሚደረግ ጉብኝትን፣ ስውር ደንበኛንና የመዝገብ ማመሳከርን ያጣምራል። በነጥብ አሰጣጥ ላይ የተለመደው ስሕተት አማካይ ውጤትን ማመን ነው። ከ100 ነጥብ 92 ያገኘ ሱቅ ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ መብለጥ ሳይገባው 9 ላይ ቢገኝ፣ የተቀሩት ነጥቦች ይህን ሊሸፍኑለት አይገባም። በመሆኑም ወሳኝ ጉድለቶች ለብቻቸው ይዘረዘራሉ፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ከተገኘ ሱቁ ወድቋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው ግን የደረሰኝ ማመሳከሪያ ነው። በወር 1,000 ሽያጭ ያስመዘገበ ሱቅ ከተፈቀደለት አቅራቢ የወሰደው ለ700 ብቻ የሚበቃ ዕቃ ከሆነ፣ የክምችት ለውጥ ታይቶም ክፍተቱ ካልተሞላ፣ ወይ ከውጭ እየገዛ ነው ወይ መጠን እየቀነሰ ነው።

ባለሱቆች መመሪያ ፈጻሚዎች ብቻ ናቸው ማለት ግን አይደለም። የማክዶናልድስ ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በሲንሲናቲ ሱቅ የነበረው ሉ ግሮን ደንበኞቹ በአብዛኛው ካቶሊኮች ስለነበሩ ዓርብ ዓርብ ገበያው ይቀዘቅዝበት ነበር። የዓሣ ሳንድዊች ሠርቶ ፈቃድ ጠየቀ። የኩባንያው መሪ ሬይ ክሮክ በበኩሉ በተጠበሰ አናናስ የሚሠራ የራሱ ሐሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለቱ በአንድ ቀን ለሽያጭ ቀረቡ፤ የዓሣው በሰፊ ብልጫ አሸነፈ። ለአገር አቀፍ ሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ግን የዓሣው ዓይነትና አሠራሩ ተቀይሮ ዋጋውም ሁሉም ሱቅ ሊሸጥበት ወደሚችል ልክ ወርዷል። ሐሳቡ የባለሱቁ፣ ደረጃው የኩባንያው ሆነ። ቢግ ማክም ከፔንሲልቬንያ ባለሱቅ ከጂም ዴሊጋቲ የመጣ ነው።

ይህ እንዲሠራ የጥያቄው መንገድ ክፍት መሆን አለበት። ባለሱቁ የሚለውጠውን ነገርና ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ብራንዱ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ከተፈቀደ በአንድ ሱቅ 8 ሳምንት ይሞከርና ካልተለወጡ ተመሳሳይ ሱቆች ሽያጭ ጋር ይነጻጸራል። መልስ ሲዘገይ ባለሱቁ ለውጡን በድብቅ ይጀምረዋል፤ ያኔ ምን እንደተሸጠና ምን እንደተበላሸ የሚነግር መዝገብ አይኖርም።

ማስፈጸሙ ደረጃ በደረጃ ነው፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የማረሚያ ጊዜ፣ ድጋሚ ጉብኝት፣ በመጨረሻ ውል ማቋረጥ። ማክዶናልድስ በፓሪስ የነበሩትን የሬሞን ዳያንን ሱቆች በንጽሕናና በአሠራር ጉድለት ምክንያት ውላቸውን ሲያቋርጥ ክርክሩ ኢሊኖይ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው ረትቷል። ያረታውም በየጉብኝቱ የተጻፈው ዝርዝር ማስረጃ ነው። የደከመ መዝገብ ያለው ብራንድ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በተለይ ጥሩ ሽያጭ ላለው ሱቅ ያለፈውን ጥፋት በሌላው ላይ ሲያነሳ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ያኛውን ለምን ዝም አልከው?» የሚል ነው።