ባትሪው የት ገባ? ስለ መጋዘን ቦታና ለቀማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዕቃው የት እንዳለ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?»

አንተ ታውቃለህ። ጉዱ የሚፈላው አንተ በሌለህበት ቀን ነው።

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ የጅምላ መጋዘን ነው። ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ባትሪና ደብተር እንይዛለን። የከተማው ሱቆች ዕቃቸውን በባጃጅ ይወስዳሉ። ከመራዊና ከወረታ የሚመጡት በአይሱዙ ይጭናሉ። ዘጌ የሚሄደው በጀልባ ይሻገራል። በፊት ሁሉን ነገር በጭንቅላቱ የያዘ ጎበዝ ስቶር ኪፐር ነበረን። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሄዶ ሦስት ቀን ቀረ። በዚያ መሃል ጫኝና አውራጆቹ መንገድ ዘጋብን ብለው ሦስት ካርቶን ባትሪ አነሱና ከደብተሮቹ ጀርባ አስቀመጡት። ማንም አልጻፈውም። የዕቃው ብዛት የሚጻፍበት ቢን ካርድ ሦስት ካርቶን አለ ይላል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ለደንበኛ «አልቋል» አልን። ሌላ ባትሪም ገዛን። ካርቶኖቹ ብቅ ያሉት መስከረም ላይ ደብተሩ ተሽጦ ሲያልቅ ነው።

ልብ በሉ፣ ከመጋዘኑ የወጣ ዕቃ የለም። ብዛቱ ትክክል ነበር፤ የጠፋው ቦታው ነው።

አሁን እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። አንዱ እንዲህ ይነበባል፦ ለ-03-2-4። «ለ» መተላለፊያው ነው። 03 በዚያ መተላለፊያ ሦስተኛው መደርደሪያ ነው። 2 ከወለል ወደ ላይ ሁለተኛው ደርብ፣ 4 ደግሞ ከግራ አራተኛው ቦታ ነው። ይህንን ስናወጣ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አስቸግረውናል። መጀመሪያ መደርደሪያውን በ3 እንጂ በ03 አልጻፍነውም ነበር። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ጽሑፍ ስለሚደረድረው 10ን ከ2 በፊት ያመጣዋል፤ የታዘዘውን ዕቃ ከመደርደሪያ የሚያወጣው ለቃሚ ዝርዝሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ዋለ። ደርብ የምንቆጥረው ከታች ነው፤ ነገ ከላይ አንድ ደርብ ቢጨመር የድሮዎቹ ቁጥር አይነካም። ፊደሎቹንም መርጠናል። «ሀ» ካለ «ሐ»ን አንጠቀምም፤ «ሰ» ካለ «ሠ»ን አንጠቀምም። ከመደርደሪያው ጫፍ ሆኖ ለሚጮህ ሰው ድምፃቸው አንድ ነው።

ቁጥሩ የሚጠቅመው ግን ዕቃ በተነሳ ቁጥር ከየት ወደ የት እንደሄደ ከተጻፈ ብቻ ነው። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተነሳም ቢሆን ይጻፋል። ባትሪያችንም ለጊዜው ነበር የተነሳው።

«እያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ይደበላለቃል።»

ይህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚይዘው። ቋሚ ቦታ ለለቃሚው ጥሩ ነው፤ እጁ ይለምደዋል። ክፋቱ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ በብዛት ለሚገባበት ቀን የሚበቃ ቦታ ዓመቱን ሙሉ አጥረህ መያዝ አለብህ።

በቁጥር እንየው። ደብተር ነሐሴ ላይ 200 ካርቶን ይደርሳል እንበል። ፓስታ ሁዳዴ ሲቃረብ 90 ይሆናል። ሳሙና ከ60 አይበልጥም። ለሁሉም ቋሚ ቦታ ከሰጠህ 350 ካርቶን የሚይዝ መደርደሪያ ያስፈልግሃል። ግን ደብተርና ፓስታ በአንድ ወር አይሞሉም። ደብተሩ ጥቅምት ላይ አልቆ ቦታው ባዶውን ሲቀመጥ፣ የካቲት ላይ ፓስታው መተላለፊያ ላይ ይከመራል። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው በዓመቱ ውስጥ ከ240 የማያልፉ ከሆነ፣ የ110 ካርቶን ቦታ እያለህ ቦታ ጠበበኝ ትላለህ ማለት ነው።

እኛ ሁለቱንም አቀላቅለናል። ከወገብ እስከ ትከሻ ያለው ደርብ ቋሚ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ እዚያ ትንሽ ቦታ አለው፤ ለቃሚው የሚያወጣውም ከዚያ ብቻ ነው። የላዩ ደርብ መጠባበቂያ ነው፤ ባለቤት የለውም። የመጣው ዕቃ ክፍት ባገኘበት ያርፋል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል። አይደበላለቅም፤ ምክንያቱም ዕቃውን የሚያገኘው የሰው ትዝታ ሳይሆን የተጻፈው ቁጥር ነው። ይህ አሠራር አንድ ግዴታ ያመጣል። የታችኛው ቦታ ከመራቆቱ በፊት ከላይ መሞላት አለበት። እኛ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ጋብ ሲል እንሞላለን። ጠዋት ለቃሚዎች በሚሯሯጡበት ሰዓት መሰላል ካቆምክ መተላለፊያውን ዘጋኸው።

«ዕቃ ሲገባ ባዶ የሆነው ላይ ማሳረፍ ነው፤ ምን ሕግ አለው?»

ለላዩ ደርብ እንኳ «ክፍት» ማለት «የትም» ማለት አይደለም። ከባዱ ታች ይሆናል። ፈሳሽ ከደረቅ ዕቃ በላይ አይቀመጥም፤ አንድ የዘይት ጀሪካን ካፈሰሰ ከሥሩ ያለው ፓስታ አለቀለት። ሳሙና ከሻይ ቅጠልና ከፓስታ ይርቃል፤ ሽታው ይገባባቸዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ወለሉና ግድግዳው እርጥበት ይስባሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ፓሌት ላይ ሆኖ ከግድግዳው ፈቀቅ ይላል።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ግን የቀን ጉዳይ ነው። አዲስ የገባ ፓስታ ከአሮጌው ፊት ከተደረደረ ለቃሚው ፊት ለፊቱ ያገኘውን ያነሳል። አሮጌው ከኋላ ሆኖ ቀኑ ያልፍበታል። «ከኋላው አንሳ» ብሎ መምከር አይሠራም፤ ሰው ሲቸኩል እጁ የሚደርስበትን ነው የሚያነሳው። የሠራልን ሕግ ይኸው ነው፦ በአንድ ቦታ ሁለት ዓይነት የማብቂያ ቀን አይቀመጥም። አዲሱ የራሱን ቦታና የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ ዝርዝሩ ቀኑ ወደሚቀርበው ይመራል። መጀመሪያ የገባ ሳይሆን መጀመሪያ የሚያበቃው ይውጣ። ዘግይቶ የገባ ዕቃ ቀድሞ የሚያበቃበት ጊዜ አለ፤ እኛም ደርሶብናል።

«ትዕዛዞችን አጠራቅሞ አንድ ላይ መልቀም ሁልጊዜ ይፈጥናል።»

ይህንን እኔም አምኜበት ነበር። ሰዓት ይዤ ስለካው ነው ሐሳቤን የቀየርኩት።

ስምንት የሱቅ ትዕዛዝ አለን፤ እያንዳንዱ አምስት ዓይነት ዕቃ ይዟል። አንዱ ዓይነት ዕቃ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ስለሚይዝ በጠቅላላው 40 መስመር ነው። ጋሪ የሚገፋ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። አንዱን መስመር ማንበብ፣ ማንሳትና መቁጠር 20 ሰከንድ ይፈጃል።

አንድ በአንድ ስንለቅም ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ 120 ሜትር እንዞራለን። ስምንቱ 960 ሜትር፣ 16 ደቂቃ እግር ብቻ ነው። ማንሳቱ 13 ደቂቃ ተጨምሮ 29 ደቂቃ ሆነ።

አራት አራቱን አንድ ላይ ስናደርግ ዙሩ ወደ 150 ሜትር ይረዝማል፤ ግን ሁለት ዙር ብቻ ነው። 300 ሜትር፣ አምስት ደቂቃ። እግሩ ላይ 11 ደቂቃ አተረፍን። ነገር ግን ያመጣነውን አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን «ይሄ የማን ነው?» እያልን ስንለይ፣ እያንዳንዱን መስመር እንደገና 20 ሰከንድ ነካነው። ሌላ 13 ደቂቃ። ድምሩ 32 ደቂቃ ገደማ መጣ። ከበፊቱ ባሰ!

መፍትሔው ጋሪው ላይ ነበር። አራት ቅርጫት ጫንበትና ከ1 እስከ 4 ቁጥር ለጠፍንበት። ዝርዝሩ የሚደረደረው በደንበኛ ስም ሳይሆን በቦታ ቁጥር ነው። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለ-03-2-4፣ ሳሙና 6፤ ቅርጫት 1 ላይ 2፣ ቅርጫት 3 ላይ 4»። ለቃሚው ስድስት ያነሳል፤ እዚያው ቆሞ ያካፍላል። ካካፈለ በኋላ እጁ ላይ አንድ ከተረፈ ወይም አንድ ካነሰው መሳሳቱን እዚያው ያውቃል። ይህ ለአንድ መስመር አምስት ሰከንድ ያህል ይጨምራል። ጠቅላላው ወደ 22 ደቂቃ ወረደ።

ከዚህ ውጭ ማጠራቀም የማይጠቅምባቸው ትዕዛዞች አሉ። ከወረታ የመጣ ነጋዴ 40 ካርቶን ካዘዘ ጋሪውን ብቻውን ይሞላዋል፤ ከማን ጋር ታቀላቅለዋለህ? የዘጌው ትዕዛዝ ደግሞ የጀልባ ሰዓት አለው። ሌሎች እስኪመጡ ብለህ ካስጠበቅከው በመጋዘኑ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አትርፈህ አንድ ቀን ትከስራለህ። የሚጠራቀመው ትንንሹና ብዙው፣ የማይቸኩለው ነው።

«ሰዎቹን በዞን ከከፈልናቸው ሥራው እኩል ይካፈላል።»

ወለሉ እኩል ይካፈል ይሆናል እንጂ ሥራው አይካፈልም። እኛ ሦስት ሰው ሦስት እኩል ቦታ ላይ አቆምን። ከ40 መስመር ውስጥ ሳሙናና ባትሪ ያለበት ዞን 24 ያዘ፤ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 4። መስመሩ በአማካይ ከነእርምጃው 30 ሰከንድ ቢወስድ አንደኛው 12 ደቂቃ ይሠራል፤ ሦስተኛው በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ይቆማል። ትዕዛዙ የሚያልቀው ደግሞ የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ነው። ሥራው በእውነት ቢካፈል ኖሮ ሰባት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። አንዱ ዞን መግቢያ ላይ ቅርጫት ከተከማቸና ቀጣዩ ለቃሚ እጁን አጣጥፎ ከቆመ ድንበሩ የተሰመረው በስህተት ነው። ያለፈውን ወር ትዕዛዝ አውጥተህ በየቦታው ስንት መስመር እንደወጣ ቁጠርና ድንበሩን በዚያ አስምር። የሳሙናው ዞን ጠቦ የደብተሩ ይሰፋል። ነሐሴ ሲመጣ እንደገና ይቀየራል፤ ያኔ ሥራው ያለው ደብተሩ ጋ ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ያለው መጋዘን ዞን ባይከፍል ይሻለዋል። አንድ ወዳጄ አባይ ማዶ እንዲህ ያለ መጋዘን አለው፤ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። አንዱ በባለ አራት ቅርጫቱ ጋሪ ይልቀም። ሌላው ጠረጴዛው ጋ ሆኖ የመጣውን ከትዕዛዙ ጋር እያመሳከረ ያሽግ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከላይኛው ደርብ ወደ ታች ይሙላ።