ስቴፕ፣ ኤስቲኤልና ኦቢጄ፦ ልኬትና ቅርጽ ሳይበላሽ ፋይል ማቀያየር

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ በሰበታ በኩልም ሆነ በለገጣፎ፣ አንድ የማሽን ዕቃ ከሥዕል ተነስቶ ብረት እስኪሆን ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። አንዱ በኮምፒውተር ይስለዋል፣ ሌላው ለሙከራ በፕላስቲክ ያትመዋል፣ ሦስተኛው በሲኤንሲ ወይም በቶርኖ ይቆርጠዋል። በመሃል የሚጓዘው ፋይል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም። ዕቃው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ ሳይሆን እዚህ ርክክብ ላይ ነው።

ሦስቱ የፋይል ዓይነቶች አንድ ዓይነት ነገር አይዙም። የሁሉም መነሻው እዚህ ላይ ነው።

ስቴፕ በአይኤስኦ 10303 ደረጃ የተቀመጠ ነው። ቅርጹን የሚይዘው በትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ ቀዳዳው ሲሊንደር ነው፣ ማዕከል አለው፣ ራዲየስ አለው። የልኬት አሃዱም ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ፋይሉ ጽሑፍ ስለሆነ በተራ ኖትፓድ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ እንዲህ ያለ መስመር ታገኛላችሁ፦

```
(LENGTH_UNIT()NAMED_UNIT(*)SI_UNIT(.MILLI.,.METRE.))
```

ይህ ማለት ሚሊሜትር ነው። በኢንች የተሠራ ከሆነ በዚያ አካባቢ `CONVERSION_BASED_UNIT('INCH'` የሚል ነገር ይታያል። ተቀባዩ ፕሮግራም ይህን አንብቦ ራሱ ይቀይራል፣ ስለዚህ በስቴፕ መጠን የሚዛባው ከስንት አንዴ ነው።

ኤስቲኤል ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለመጀመሪያዎቹ የሦስት ገጽታ ማተሚያዎች የተሠራ ነው። የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው፤ የሦስት ማዕዘኖቹ መረብ ሜሽ ይባላል። ክብ አያውቅም፣ ቀዳዳ አያውቅም፣ አሃድም የለውም። ፋይሉ ውስጥ 110 የሚል ቁጥር ካለ 110 ምን እንደሆነ የሚገምተው የሚከፍተው ፕሮግራም ነው።

ኦቢጄም የመጣው ከአኒሜሽንና ከምስል ሥራ፣ ዌቭፍሮንት ከሚባለው ኩባንያ ነው። እሱም በተለምዶ አሃድ አይዝም። ከኤስቲኤል የሚለየው የነጥቦቹን ዝርዝር አንድ ጊዜ ጽፎ ከዚያ በቁጥር ስለሚጠራቸው፣ ከሦስት በላይ ጎን ያለው ገጽ ስለሚቀበል፣ የክፍሎችን ስም ስለሚይዝና አብሮት በሚሄደው የ`.mtl` ፋይል አማካይነት ቀለም ስለሚያሳይ ነው። ያ የ`.mtl` ፋይል ሳይላክ ከቀረ ዕቃው ግራጫ ሆኖ ይከፈታል እንጂ ቅርጹ ላይ ችግር የለም።

እንግዲህ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከስቴፕ ወደ ኤስቲኤል ወይም ወደ ኦቢጄ መውረድ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስንዴ ከተፈጨ በኋላ እንደገና ስንዴ አይሆንም። ስለዚህ ስቴፑ (ከተቻለም የፍሪካዱ፣ የሶሊድወርክሱ ወይም የፊውዥኑ ዋና ፋይል) እናት ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ለየሥራው ከእሱ ይወጣሉ።

ምሳሌ እንውሰድ፤ ለእህል ወፍጮ የሚሠራ የኩሽኔታ ቤት ነው። 110 በ110 የሆነ፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ አሉሚኒየም። መሃሉ ላይ 6205 ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። የ6205 የውጭ ዲያሜትር 52፣ ወርዱ 15 ሚሊሜትር ነው። በአራቱ ማዕዘን ለኤም10 ቡሎን የሚሆኑ 10.5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች አሉ፣ በመካከላቸው 86 ሚሊሜትር ርቀት አለ። ከጎን ደግሞ ግራሶ የሚሰጥበት ኤም6 ጥርስ ያለው ቀዳዳ። መጀመሪያ በፕላስቲክ ታትሞ ወፍጮው ላይ ይሞከራል፣ ልክ ከሆነ አሉሚኒየሙ ይቆረጣል።

ለማተም ኤስቲኤል ይወጣል። እዚህ የመጀመሪያው ችግር ይመጣል፣ እሱም የክቡ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ክቡን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይተካዋል፣ ስንት መስመር እንደሚሆን የሚወስነው ስታወጡ የመረጣችሁት ጥራት ነው። 52 ሚሊሜትሩ ጉድጓድ በ24 ጎን ከወጣ ማዕዘኖቹ 52 ላይ ይቀመጣሉ፣ በጎኖቹ መሃል ግን ከአንዱ ጎን እስከ ተቃራኒው 51.56 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ጠበበ ማለት ነው። ኩሽኔታው አይገባም። ሰውየው ማተሚያው ላይ ይፈርዳል፣ ፕላስቲኩ ተኮማተረ ይላል፣ ጥፋቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ነበር።

ይህን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ፋይሉን ለማተሚያው የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ ስላይሰሩ፣ ላይ ጉድጓዱን አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ጎን ጎን ሆኖ ከታየ እንደዚያው ይታተማል። መፍትሔው እንደገና ማውጣት ነው። ፍሪካድ ላይ በቀጥታ ኤክስፖርት ከማድረግ ይልቅ ወደ ሜሽ ክፍሉ ገብታችሁ `Create mesh from shape` የሚለውን ምረጡ፣ `Surface deviation` የሚለውን 0.01 አድርጉት። ይህ ቁጥር ቀጥታው መስመር ከእውነተኛው ክብ ቢበዛ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነው፣ በሚሊሜትር። ለኛ ጉድጓድ ከ110 በላይ ጎን ይሰጣል፣ ያም ለማንኛውም ማተሚያ ይበቃል። ከዚያ በታች መውረድ ፋይሉን ከማክበድ ውጪ ጥቅም የለውም። በባይነሪ የተቀመጠ ኤስቲኤል ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ይወስዳል፣ 100,000 ሦስት ማዕዘን ሲሆን 5 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ይቆጠራል፤ በጽሑፍ መልክ (`ASCII`) ከተቀመጠማ ብዙ እጥፍ ያድጋል፣ ባይነሪውን ምረጡ።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ አታድርጉ፤ ኩሽኔታው አልገባም ብላችሁ ስላይሰሩ ላይ መጠኑን ወደ 101 በመቶ አታሳድጉ። ጉድጓዱ 52.5 ይሆንላችኋል፣ አዎ፣ ግን የቡሎን ቀዳዳዎቹም ይራራቃሉ፣ 86 የነበረው 86.86 ይሆናል። የጉድጓዱን ልክ መንካት የሚገባው ዋናው ሥዕል ላይ፣ ጉድጓዱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር መጠን ነው፣ እሱ ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ይታያል። ኤስቲኤልና ኦቢጄ አሃድ ስለሌላቸው ስህተቱ ሁልጊዜ በታወቀ እጥፍ ይመጣል። የኩሽኔታ ቤታችን በኢንች ወጥቶ ስላይሰር ላይ ቢከፈት ወርዱ 4.33 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ25.4 ሲባዛ ይመለሳል፣ በመቶኛ 2540 ማለት ነው። 11 ካሳየ በሴንቲሜትር የወጣ ነው፣ በ10 ይባዛል። 0.11 ካሳየና ጭራሽ የማይታይ ነጥብ ከሆነ በሜትር የወጣ ነው፣ በ1000 ይባዛል። ብሌንደር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብሌንደር ሳይነካ አንዱን አሃድ አንድ ሜትር ብሎ ስለሚያይ የኛ ዕቃ 110 ሜትር ሆኖ ይከፈታል፣ ካሜራው ዕቃው ውስጥ ስለሚሆን ባዶ ስክሪን ሊመስላችሁ ይችላል። ስታስገቡ `Scale` የሚለውን 0.001 አድርጉ፣ መልሳችሁ ስታወጡ 1000። ስታስገቡ ነክታችሁ ስታወጡ ከረሳችሁ ወይም ሁለት ጊዜ ከነካችሁ ነው ጉዱ።

ቁጥሩ ከእነዚህ እጥፎች በአንዱ ካልሆነ፣ ለምሳሌ 110 መሆን ሲገባው 107 ከሆነ፣ የአሃድ ጉዳይ አይደለም። የሆነ ሰው በእጁ ጎትቶታል ወይም ሌላ ሥዕል ነው የተላከው። ወደ 110 ከመለጠጥ ላኪውን መጠየቅ ይሻላል።

ከኦቢጄ ጋር የሚመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ዕቃው በጎኑ ተኝቶ ይከፈታል። ብዙ የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ወደ ላይ የሚሉት ዋይን ነው፣ አብዛኞቹ የካድና የማተሚያ ፕሮግራሞች ደግሞ ዜድን። በኤክስ ዙሪያ 90 ዲግሪ አዙሩት፣ አለቀ። ግን አዙሩት እንጂ መጠኑን በ-1 አባዝታችሁ አትገልብጡት። ግልባጩ የመስታወት ምስል ያደርገዋል፤ ግራሶ መስጫው በግራ የነበረው በቀኝ ይሆናል፣ በዓይን ሲታይ ደግሞ ልክ ይመስላል።

አሁን አሉሚኒየሙ ይቆረጥ። ሲኤንሲ ያለው ወርክሾፕ የሚፈልገው ስቴፕ ነው። ደንበኛው ያለው ኤስቲኤል ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ፍሪካድ ላይ `Create shape from mesh`፣ ከዚያ `Convert to solid` ብሎ በስቴፕ ያስቀምጠዋል። ስሙ ስቴፕ ነው፣ ውስጡ ግን ያው ሦስት ማዕዘን ነው። `Refine shape` ጠፍጣፋዎቹን ገጾች ያዋህዳል፣ ስለዚህ ሣጥኑ ጥሩ ይመስላል፤ 52ቱ ጉድጓድ ግን ብዙ ጎን ያለው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። መለየቱ ቀላል ነው፤ የጉድጓዱን ግድግዳ አንዴ ጠቅ አድርጉ። ሙሉው ክብ ግድግዳ (ወይም ግማሹ) በአንዴ ከተመረጠ እውነተኛ ስቴፕ ነው። ቀጭን ቁራጭ ብቻ ከተመረጠ የተለወጠ ሜሽ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል የሲኤንሲው ፕሮግራም እንደ ቀዳዳ አያውቀውም፣ ማዕከሉን አያገኝም፣ መቁረጫውም በክብ ትዕዛዝ (`G2`፣ `G3`) ፈንታ በብዙ አጫጭር `G1` እየተንገጫገጨ ይሄዳል። የኩሽኔታ መቀመጫ እንዲህ አይቆረጥም።

ለእንዲህ ያለ ዕቃ ትክክለኛው ሥራ ሜሹን ከኋላ አስቀምጦ ከላዩ እንደገና መሳል ነው። ልኩን ውሰዱ፣ 51.9 ያሳየው ጉድጓድ ለ6205 ስለሆነ 52 እንደሆነ በራሳችሁ ወስኑ፣ ሣጥኑን ሳሉ፣ ቀዳዳዎቹን አውጡ። ይህን የመሰለ ቅርጽ ለለመደ ሰው ረጅም ሥራ አይደለም። የተቀረጸ ፊት ወይም በስካነር የተነሳ ሐውልት ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፤ በሜሽነቱ ይቆይ፣ ሜሽ በቀጥታ የሚቀበል የሲኤንሲ ፕሮግራም ይፈለግ።

እውነተኛው ስቴፕም ሁሉን ነገር አይዝም። የተሳለበት ቅደም ተከተል አብሮ አይሄድም፤ የተቀባዩ ዝርዝር ላይ አንድ ደፍን አካል ብቻ ይታያል፣ ክብ የተደረጉ ጠርዞች ቅርጻቸው አለ፣ ራዲየሱን በአንድ ቁጥር መቀየር ግን አይቻልም። ከዚህ የባሰው የቡሎን ጥርስ ነው። አብዛኛው ካድ ጥርስን የሚያሳየው በምልክት እንጂ በእውነተኛ ቅርጽ አይደለም፣ ምልክቱም ወደ ስቴፕ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የግራሶ መስጫው ኤም6 ወርክሾፑ ጋ የሚደርሰው እንደ ተራ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው። ቆራጩ 5 አድርጎ ይበሳዋል፣ ልክም ነው፣ ጥርስ ግን አያወጣለትም። ስለዚህ ከስቴፑ ጋር አንድ ገጽ የፒዲኤፍ ሥዕል ይላካል፤ ላዩ ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ የትኛው እንደሆነ፣ የጉድጓዱ 52 በምን ያህል ጥብቀት እንደሚፈለግና አሃዱ ሚሊሜትር መሆኑ ይጻፋል፤ ከጎኑ 110 የሚለው ጠቅላላ ወርድ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ እሱን ለክቶ እንዲያመሳክር።